ደም ሲፈስና ሰውነት ሲቃጠል፦ ስለ መጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠናችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የሁለት ቀን ሥልጠና በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ወደ መንዝ ገባ ብለን፣ ቁልቁል ደግሞ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ይዘነው እንዞራለን። የትም ብንሄድ የሚነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ እዚህ ሰብስበን መልሰናቸዋል። ከመምጣትዎ በፊት ቢያነቡት ጊዜዎ ለእጅ ሥራው ይተርፋል።

ተቀምጬ ነው የምማረው ወይስ በእጄ እሠራለሁ?

በእጅዎ ይሠራሉ። ንግግሩ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ጊዜ በአራት የልምምድ ጣቢያዎች ላይ ያልፋል።

አንደኛው ጣቢያ ደምን ተጭኖ ማቆም ነው። ወፍራም ስፖንጅ በቢላ እንሰነጥቅና በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ቱቦ እናሳልፋለን። የቱቦው ሌላ ጫፍ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ይያያዛል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የቀይ ሥር ውሃ አለ። ጨርቅ ይሰጥዎታል፤ ይጫናሉ። መዳፍዎ ያረፈው ከቱቦው አፍ ሁለት ጣት እንኳ ፈቀቅ ብሎ ከሆነ ቀዩ ውሃ በጣቶችዎ መሃል መውረዱን ይቀጥላል። «ቁስሉን መጫን» እና «ደሙ የሚወጣበትን ነጥብ መጫን» የተለያዩ መሆናቸውን ሰው የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጣቢያ ላይ በጨርቅ ተጠቅጥቆ እግር የመሰለ አሮጌ ሱሪ አለ፤ እሱ ላይ ደም ማገቻ ማሰሪያ፣ ማለትም ቱርኒኬት፣ ያስራሉ። ሦስተኛው የቃጠሎ ጣቢያ ሲሆን አሻንጉሊት፣ ጀሪካን፣ ጆግ፣ ሳፋና ሰዓት ይጠብቅዎታል። አራተኛው ቃሬዛ መሥራትና ስልክ ደውሎ ሁኔታውን በአጭሩ መናገር ነው።

የክህሎት ማረጋገጫ ዝርዝሩ ላይ ምን ይታያል? ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውስ?

በየጣቢያው አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ተመልካቹ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ «አደረገ» ወይም «አላደረገም» ብሎ ያስቀምጣል፤ ግማሽ ነጥብ የሚባል የለም። ሰልጣኙ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ረድፎቹ በሥዕልም ተሠርተዋል። ደግሞም የሚመዘነው እጁ ነው። ከጎበዞቻችን መካከል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አሉ።

ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ሦስት ስህተቶች ጣቢያውን ያስደግማሉ፦ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጨርቁን ገልጦ ማየት፣ የታሰረን ቱርኒኬት ማላላት፣ የተቃጠለ ሰውነት ላይ ውሃ ማፍሰስን ከሃያ ደቂቃ በፊት ማቆም። ውሃው ላይ አንድ ሁኔታ ብቻ ይፈቀዳል፤ ወደኋላ ይመጣል። ሦስቱም ከእውቀት ማነስ የሚመጡ አይደሉም። ጠይቁት፤ ሁሉም ትክክለኛውን ይመልሳል። ነገር ግን ሰው ሲጨነቅ ደቂቃው ይረዝምበታል። ሰዓት ሳያይ «አሥር ደቂቃ ሞላ» የሚል ሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ ገና ግማሹ ላይ ነው። ስለዚህ የሁሉም ወረቀት የመጀመሪያ ረድፍ «ሰዓት አየ» የሚል ነው።

ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ደሙ መቆሙን ባይ ምን ችግር አለው?

ወተት ለእርጎ ያስቀመጠች ሴት ዕቃውን እያነሳች ብትነቀንቀው አይረጋላትም። ደምም እንደዚያው ነው። ሲጫኑት ፍሰቱ ይቀንሳል፤ በተቆረጠው የደም ሥር አፍ ላይ ደሙ ቀስ በቀስ ይረጋና ይደፍነዋል። ገና ያልጠነከረውን ድፍን ከጨርቁ ጋር አብረው ሲያነሱት ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ያውም የቁስለኛው ደም ቀንሶ።

ስለዚህ እጅዎን ከደሙ በጓንት ወይም በንጹሕ ፌስታል ጠብቀው፣ ክንድዎን ቀጥ አድርገው፣ በሰውነትዎ ክብደት ይጫኑና ሰዓት ይያዙ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ጨርቅ ደርበው የበለጠ ይጫኑ። ይህም ሆኖ ደሙ መውረዱን ካላቆመ እጅዎ ነጥቡ ላይ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ፣ ለዚህ ምክንያት ብቻ፣ አንድ ጊዜ ያንሱ፤ ይጥረጉና ደሙ ከየት እንደሚወጣ ይፈልጉ። ቁስሉ የእጅ ወይም የእግር ሆኖ ጥልቅ ከሆነ ንጹሑን ጨርቅ በጣትዎ ወደ ውስጥ እስከ ነጥቡ ይጠቅጥቁትና ከላይ መልሰው ይጫኑ። ደረትና ሆድ ውስጥ ግን ጨርቅ አይጠቀጠቅም። ስለትም ሆነ እንጨት ተሰክቶ ከቀረም አይነቀልም፤ ዙሪያውን ነው የሚጫኑት።

የቡና ዱቄት ብንነሰንስበትስ? እናቶቻችን እንደዚያ ያደርጉ ነበር።

ትንሽ ቁስል ላይ የተነሰነሰ ቡና ደም «ያቆመ» የሚመስለው ትንሽ ቁስል በራሱ ጊዜ ስለሚቆም ነው። በጥልቅ ቁስል ላይ ግን ዱቄቱ ደሙ የሚወጣበትን ነጥብ ይሸፍንብናል፤ ጤና ጣቢያ ሲደረስም ባለሙያው ከሥጋው ውስጥ እየለቀመ ማውጣት ይኖርበታል። አመድና አፈር ከዚህም የባሱ ናቸው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም መኖሪያው አፈርና የከብት እበት ነው። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም በማጭድ፣ በመጥረቢያ ወይም በሚስማር የደረሰ ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ጤና ኬላ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

ቱርኒኬት ከታሰረ እግሩ አይቆረጥም?

ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህ ነው፤ ፍርሃቱም ብዙ ጊዜ ያዘገያል። በትክክል ታስሮ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሐኪም ዘንድ የደረሰ እግር አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ከዚያ እየዘገየ ሲሄድ በጡንቻና በነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይጨምራል። በሌላ በኩል፣ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

የሚታሰረው ለእጅና ለእግር ብቻ ነው። ደሙ እየተፈናጠረ የሚወጣ፣ መሬት ላይ የሚጠራቀም፣ ወይም በርትተው እየተጫኑት የማይቆም ሲሆን ይታሰራል። አብዛኛው የማጭድ ቁስል በመጫን ብቻ ይቆማል፤ ለእሱ ቱርኒኬት አያስፈልግም።

ጉዳት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የላላ እስር ነው። ደም ወደ እግር የሚያወርደው ሥር ጠለቅ ያለና ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ ለስላሳና ለቆዳ የቀረበ ነው። እስሩ ከላላ የመልሱ መንገድ ብቻ ይዘጋና የሚወርደው ደም በቁስሉ በኩል ይወጣል፤ መድማቱ ይብሳል። በሲባጎ፣ በሽቦ ወይም በጠባብ ላስቲክ ማሰርም ሥጋን ይቆርጣል። ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅና የማይሰበር አጭር ዱላ ያስፈልጋል።

የመድማት ሁኔታው ልምምድ ምን ይመስላል?

ከምንሠራባቸው አንዱን እንዳለ እንንገራችሁ። ኅዳር ነው፤ ቦታው ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ መንደር። አንድ ጎልማሳ ባሕር ዛፍ እየፈለጠ መጥረቢያው ይስትና ከጉልበቱ በታች አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ሱሪው በአንዴ ርሷል፤ ደሙ በየልብ ምቱ ይፈናጠራል። ከእርስዎ ጋር ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ሰዓት ያያሉ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ10። ሰውየውን ያስተኙታል። ልጁን «ሰው ጥራ» ብለው ዝም ብለው አይልኩትም፤ ስልኩን ሰጥተው 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን፣ እንዲደውል ወይም ጤና ኬላ ሮጦ ባለሙያዋን እንዲነግር ያዙታል፤ የሚለውንም ቃል ይሰጡታል፦ «አንድ ሰው፣ እግሩ በመጥረቢያ ተቆርጧል፣ ደሙ አልቆመም፣ ቦታው ይህ ነው።» እርስዎ ሱሪውን ቀድደው ቁስሉን ይገልጣሉ፤ ነጠላዎን አጥፈው በሁለት እጅ ይጫናሉ። ደሙ በነጠላው አልፎ ይወርዳል። ደርበው ይበረታሉ፤ አሁንም ይወርዳል። የሚፈናጠር ደም ላይ አሥር ደቂቃ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ማሰር ይሻገራሉ።

የት ያስራሉ? ትምህርቱ ከቁስሉ ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይላል። እዚህ ሰውዬ ላይ ያ ልክ ጉልበቱ ላይ ያርፋል፤ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ አጥንቱ ደም ሥሩን ስለሚከልለው አይታሰርም። ስለዚህ ጉልበቱን አልፈው ጭኑ ላይ ያስራሉ። ብዙ ሰልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መቀነቱን ሰፋ አድርገው ሁለት ጊዜ ያዞሩና አንድ ጊዜ ይቋጥሩታል፤ ዱላውን ያስቀምጡበታል፤ በላዩ ደግመው ይቋጥራሉ። ከዚያ ዱላውን ያጠማዝዛሉ። ሰውየው ይጮሃል፤ በጣም ያማል። ማሳመሙ የተሳሳተ እስር ምልክት አይደለምና አይቁሙ። የሚቆሙት ደሙ ሲቆም ነው። የዱላውን ጫፍ እንዳይፈታ ከእግሩ ጋር ያስሩትና «4:17» ብለው በከሰልም ቢሆን ግንባሩ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ «እግሩ እንዲተነፍስ» ብሎ የሚያላላ ዘመድ ቢመጣ ይከለክሉታል። የሚፈታው ሐኪም ነው።

አሁን ብርዱ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ በደንብ አይረጋም፤ ማለትም ብርዱ መድማቱን ያግዛል። ስለዚህ ጋቢ ከላይ ከማልበስ በፊት ባና ወይም ጭድ ከሥሩ ይገባል፤ ቀዝቃዛ መሬት ሙቀቱን ይወስዳልና። የራሰ ልብሱም ይወልቃል። አረቄ ግን አይሰጠውም። አረቄ ቆዳ ላይ ያሉትን ደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱን ያጣል። በአፉ ውሃም አይሰጠውም፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ይችላል።

ቃጠሎ ላይ ሃያ ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ የግድ ነው? ቧንቧ የሌለንስ?

እሳቱ ከራቀ በኋላም ሙቀቱ በቆዳው ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ታችም እየዘለቀ ያቃጥላል። ውሃው ያን ሙቀት ነው የሚያወጣው። ሁለት ደቂቃ አፍስሰው ሲያቆሙ ላዩ ቀዝቅዞ ሥሩ ገና ትኩስ ነው። ወዲያው መጀመሩ ይመረጣል፤ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ዘግይቶም ይጠቅማል።

ቧንቧ አያስፈልግም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቂ ነው፤ በደቂቃ አንድ ሊትር ማለት ነው። ልጁን በሳፋ ላይ ይያዙና በጆግ ቀስ እያሉ፣ ሳያቋርጡ፣ ያፍስሱ። ውሃው ካነሰዎት ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን መልሰው ይጠቀሙበት። በረዶ ግን አይደረግም፤ ደም ሥሮቹን አጥብቦ ጉዳቱን ይጨምራል።

ቆላ ላሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ የዋለ የጀሪካን ወይም የጎማ ውሃ ራሱ ትኩስ ሊሆን ይችላል። በእጅዎ ሳይሞክሩ አያፍስሱ።

ጠበል ብናፈስበትስ?

ቀዝቃዛና ንጹሕ ከሆነ እንደ ማንኛውም ውሃ ያቀዘቅዛል። ግን በሃይላንድ የመጣ አንድ ሊትር አይበቃም፤ የቀረውን በጀሪካኑ ይሙሉ። ጤና ጣቢያ መሄዱንም አያዘግዩት።

ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙናስ?

አንዳቸውም አይቀቡም። ሙቀቱን ውስጥ ያግታሉ፣ ጀርም ያስገባሉ፣ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍኑበታል፤ ለማስወገድ ሲታጠብ ደግሞ ልጁ ሁለተኛ ይሰቃያል። አንድ ጎረቤቴ ከልጇ ክንድ ላይ ቅቤው ሲፋቅ ያወጣውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ክፋት አልነበራትም፤ ያስተማራት አልነበረም።

የቃጠሎው ሁኔታ ልምምድስ?

ምሽት ነው፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤተሰቡ ማንደጃውን ከቧል። የሁለት ዓመት ልጅ የሚፈላውን የሽሮ ድስት ይስብና ደረቱና አንድ ክንዱ ላይ ይገለበጣል። ሽሮ ከውሃ የከፋ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ሰዓት ይታያል። ልጁ ከእሳቱ ይርቃል። ውሃው ወዲያው ይጀመራል፤ ሽሮውም በውሃው ይታጠባል። ሹራቡ ትኩሱን ስለያዘ ይወልቃል፤ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ ግን ዙሪያው ተቆርጦ የተጣበቀው ይተዋል። የእጁ አምባርና የአንገቱ ማተብ የሚወጡት አሁን ነው፤ ሰውነቱ ካበጠ በኋላ አይወጡም። ማተብ መቁረጥ የሚከብዳት እናት አለች፤ በጭንቅላቱ በኩል ማውለቅ ከተቻለ ይወለቅላታል።

ከዚያ ሃያው ደቂቃ ይጀምራል። በእኛ ደጋ ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ጋ ነው፦ የምናቀዘቅዘው ቃጠሎውን እንጂ ልጁን አይደለም። ውሃው የሚፈስሰው ደረቱና ክንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ፣ ጀርባውና እግሮቹ በደረቅ ጋቢ ይጠቀለላሉ። የእናትየዋ ሥራ ፊቱን ማየት ነው። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ፈዞ ዝም ካለ፣ ሃያ ደቂቃ ባይሞላም ውሃው ቆሞ ልጁ ይሞቃል። የተፈቀደው ብቸኛ ማቋረጫ ይህ ነው።

ሲጨርሱ የቃጠሎውን ስፋት በልጁ በራሱ መዳፍ ይለኩታል። የተቃጠለው ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ ገጽ አንድ በመቶ ያህል ነው። የእኛ አሻንጉሊት ስድስት መዳፍ ይወጣዋል፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም። ንጹሕ ስስ ፕላስቲክ ቃጠሎው ላይ ይነጠፋል፤ ያ ከሌለ የታጠበ ደረቅ ነጠላ። ክንዱን ዙሪያውን አጥብቆ መጠቅለል የለም፣ ያብጣልና። እርጥብ ጨርቅ አድርጎ መንገድ መጀመርም የለም፣ ልጁን ያቀዘቅዘዋል።

የትኛውን ቃጠሎ ቤት ይዤ መቆየት እችላለሁ?

ቀላ ብሎ የሚያቃጥል፣ ከመዳፍ ያነሰ፣ አዋቂ ሰው ላይ የደረሰ ከሆነ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መጋጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን ከያዘ፣ በኤሌክትሪክ ከመጣ ትንሽም ቢሆን ይኬዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የያዘው ሰው ላይ ከውጭ ነጥብ የምታክል ትታይና ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከመንካት በፊት ቆጣሪው ላይ መጥፋት አለበት። ነጭ ወይም ደረቅ ቆዳ የመሰለና የማያም ቃጠሎ ደግሞ ከሁሉ ያታልላል። የማያመው የሕመም ነርቮቹ ስለተቃጠሉ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ቢወድቅ መንካት ይቻላል?

ይቻላል፤ ወዲያውኑ። በመንካትም በለሃጭም አይተላለፍም። በየቦታው ይህን ጥያቄ የምንጠየቀው በዝግታ፣ አንዳንዴም ከሥልጠናው በኋላ ለብቻ ተጠርተን ነው። በክፉ የተቃጠሉ ሰዎች ያየነው «ይተላለፋል» ብሎ ቤተሰብ ቆሞ ሲያይ በባከነው ጊዜ ነው። ጎትተው ያውጡት፤ ልብሱ ላይ ያለውን እሳት በውሃ ወይም በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ያጥፉ፤ ወደ ጎኑ ያስተኙትና ውሃውን ይጀምሩ። ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳውም።

ጣቢያ ላይ ብወድቅስ?

ያንኑ ጣቢያ ብቻ በዚያው ቀን ይደግማሉ፤ አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ያልፋል። ያለፈም ቢሆን የእጅ ክህሎት በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ በስድስት ወር ተመልሰው አንድ ግማሽ ቀን እንዲለማመዱ እንጠይቃለን።

ምን ይዤ ልምጣ?

ቤትዎ ያለ አሮጌ ነጠላ ወይም መቀነት፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ጠንካራ ዱላ፣ ሰዓት ወይም ስልክ። የሚለማመዱት በአደጋ ቀን በእጅዎ በሚገኘው ነገር ነውና። ጀሪካኑን ውሃ ሞልተን የምንጠብቅዎ እኛ ነን።